ከመርካቶ የተረፈ ምክር፣ ተዋናይ ያልሆነ ሰው ለምትቀርጪው

«ሰላም ቤተሰብ። የመመረቂያ አጭር ፊልሜን ልሠራ ነው። የጣሊያኖቹን የድህረ ጦርነት ፊልሞች ካየሁ በኋላ፣ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን ይዤ ሰፈር ውስጥ ልቅረጽ ብያለሁ። ወጪ ይቀንስልኛል? የሞከረ ሰው አለ?»

እህቴ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ወጪው እጥፍ ሆነብኝ። አንቺ እንኳን ትረፊ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

1. ድምፅ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እውነተኛ ቦታ ላይ መቅረጽ ማለት የቦታውንም ድምፅ እዚያው መቅዳት መስሎኝ ነበር። ጣሊያኖቹ ግን ያኔ በአብዛኛው ምስሉን ብቻ ይቀርጹና ንግግሩን በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ያስገቡታል። በሮም ጎዳና ላይ እንደልባቸው የሠሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የመኪናው ጩኸት አያስጨንቃቸውም። ዳይሬክተሩም ካሜራው እየሠራ «አሁን ዙር፣ ልጁን እየው» እያለ ሰውየውን መምራት ይችላል።

እኔ ይህን ሳላውቅ መርካቶ ዳር አንድ ጫማ ሰፊ ጋሼን ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ቀረጽኩ። ምስሉ ያምራል። ኤዲቲንግ ላይ ስቀመጥ ግን ከእያንዳንዱ ንግግር ጀርባ ሌላ ዘፈን አለ። ጎናችን ያለው ሱቅ ስፒከሩን ወደ መንገድ አውጥቶ ነበር፣ እኛ ደግሞ ጆሯችን ለምዶት አልሰማነውም። ሁለት ሾት ሳገጣጥም ዘፈኑ ከመሃል ይቆረጥና ሌላው ይጀምራል። ጋሼን ስቱዲዮ ወስጄ እንደገና ላናግራቸው ሞከርኩ፤ ከንፈራቸውን ተከትለው መናገር አልቻሉም። ሌላ ሰው ሲያወራላቸው ደግሞ ፊታቸውና ድምፁ ተጣሉ። ስለዚህ ቦታ ስትመርጪ ሄድፎን አድርገሽ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ወይም ንግግሩን ቀንሺው።

2. ሰው አመራረጥ። «የብስክሌት ሌቦች» (1948) ላይ አባትየው ላምቤርቶ ማጆራኒ የብሬዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ልጁን ለማስፈተን ይዞ ቢመጣ፣ ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የወደደው አባትየውን ሆነ። አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ሴልዝኒክ «ኮከቡን ኬሪ ግራንትን አስገባና ብሩን እኔ እችላለሁ» ብሎት ነበር፣ ዴ ሲካ እምቢ አለ። አስቢው እስቲ፣ ኬሪ ግራንት ብስክሌት ቢሰረቅ ማን ይጨነቃል? ሌላ ይገዛል ነው የምትይው። የማጆራኒን አረማመድ ስታይ ግን ያቺ ብስክሌት ከጠፋች ሥራውም እንደጠፋ ይገባሻል። የሰውየውን ሕይወት ግን አትርሺ። ከፊልሙ በኋላ ፋብሪካው ቀነሰው፣ በትወናም ብዙ አልቀናውም። ትንሹን ኤንዞ ስታዮላን ለማስለቀስ ደግሞ ዴ ሲካ ኪሱ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ ከትቶ «ከመሬት ትለቅማለህ» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረው ይባላል። ለእኔ ይሄ ነውር ነው፣ ፊልሙን ብወደውም።

ደግሞ ሁሉም አማተር ነበሩ የሚለውን አትመኚ። «ሮም፣ ክፍት ከተማ» (1945) ላይ አና ማኛኒና አልዶ ፋብሪዚ በመድረክ የታወቁ ነበሩ። እኔም የጋሼን ሚስት ቲያትር የተማረች ልጅ ባትጫወትልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። እሳቸው መስመር ሲረሱ እሷ ጠይቃ ታወጣላቸዋለች።

3. ፈቃድ። ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩበት ቢሮ ያሉት ሰውዬ «ተዋናዮቹ እነማን ናቸው?» አሉኝ። ተዋናይ የለም፣ ጫማ ሰፊ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ምኑ ነው ፊልም?» ብለው ወረቀቴን በአንድ ጣት ገፍተው መለሱልኝ። ስመላለስ አሥራ አንድ ቀን ሄደ። ስመለስ ጋሼ ለፋሲካ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል! ግማሹ ፊልም በጢም ነው የተቀረጸው። ሰውየው ምን በወጣቸው፣ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። ተዋናይ ፀጉሩን ሳይጠይቅ አይነካም፤ ተዋናይ ያልሆነ ሰው ግን የራሱ ኑሮ አለው።

በኋላ የመጡት እነ ሕንዳዊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ ይህን መንገድ የያዙት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ራይ «የብስክሌት ሌቦች»ን በ1950 ለንደን ውስጥ አየና፣ ስቱዲዮና ኮከብ ሳይኖረው የቤንጋልን መንደር ማሳየት እንደሚችል ገባው። የኛው ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1974 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እዚሁ አገር ሲሠራ ገበሬዎቹን ራሳቸውን ነው ያቆማቸው። ሲኒማ ላይ ታይቶ የማያውቅ ፊት ፈልገው ነው፣ ያን ፊት ደግሞ ከተዋናይ አታገኚውም።

ራይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሲጀምር ነጭ አበባ ያወጣ ሜዳ ላይ የትዕይንቱን ግማሽ ቀርጾ ሄደ። ሲመለስ ከብቶች አበባውን በልተውታል። እንደገና እስኪያብብ አንድ ዓመት ጠበቀ። እኔ ለጋሼ ጢም አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አገጫቸውን አያለሁ፣ እሳቸው «ገና ነው?» ይሉኛል፣ በዚያውም ጫማዬን ያስጠርጉኛል፣ ሒሳቡን ግን አንድም ቀን አልማሩኝም።