ቢኦኪው ብረት ይላል፣ ስፔሲፊኬሽኑ ፒፒአር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ ጨረታ እየሞላሁ ነው። ስፔሲፊኬሽኑ የውኃ መስመሩ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ፒፒአር ፒኤን 20 ይሁን ይላል። ዋጋ የምሞላበት የሥራ ዝርዝር፣ ቢኦኪው ደግሞ «25 ሚሜ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ» ይላል። የቱን ልሙላ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተወው። ሁለቱ ሰነዶች ከተለያዩ የቆዩ ሥራዎች የተገለበጡ ይመስለኛል። የሳኒተሪ ፕላኑን የምልክት መግለጫ ተመልከት፣ ልኩ በኢንች ከተጻፈ ዲዛይኑ ብረት ታስቦ ነው የተሠራው። ቢኦኪው ውስጥም የፒፒአር ክርንና ሶኬት ፈልግ። ከሌለ ግምቴ ይጠነክራል።

አንድ ነገር አደራ፦ ቢኦኪውን በእጅህ አታርም። ሰርዘህ «ፒፒአር» ብትጽፍበት ሰነድ ቀየርክ ተብለህ ልትወድቅ ትችላለህ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የቁሱን ልዩነት ብቻ ያያል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግን 25 የሚለው ቁጥር ነው። በብረት 25 ማለት የአንድ ኢንች ቧንቧ ነው፣ የውስጡ ክፍት 27 ሚሜ ገደማ ይሆናል። በፒፒአር ግን 25 የውጭ ልክ ነው። የፒኤን 20 ግድግዳ 4.2 ሚሜ ስለሆነ ከሁለቱም ጎን ሲቀነስ ለውኃው የሚቀረው 16.6 ሚሜ ብቻ ነው። 32ም አያደርስህም፣ ውስጡ 21.2 ነው። የብረቱን 25 የሚተካው የፒፒአር 40 ነው፣ ውስጡ 26.6። አንተ በ25 ፒፒአር ዋጋ ሞልተህ አሸንፈህ፣ አማካሪው በኋላ «ውኃው አይበቃም፣ 40 አምጣ» ቢልህ ልዩነቱን ከኪስህ ልትከፍል ነው። በዚያ ላይ የድሬ ውኃ ጨው ይበዛበታል፣ ጠባብ ቧንቧ ቶሎ ይደፈናል። ገበያው ላይ ያለው ስስ ጋልቫናይዝድም ያው ነው፣ ጥርሱ ሲወጣለት ግድግዳው ያልቃል፣ ከዚያ ይዝጋል። ስንቱን ቤት አይቻለሁ፣ የበፊቱ ሠራተኛ በቃጫና በፕላስቲክ ጠቅልሎት የሄደ!

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍ፣ አጭር ይሁን። የመጠየቂያ ቀነ ገደቡ በጨረታ መረጃ ሠንጠረዡ ላይ አለ፣ ከዚያ በፊት አስገባ። እንዲህ በል፦

«በቴክኒክ ስፔሲፊኬሽኑ ገጽ … የውኃ መስመሩ ፒፒአር ፒኤን 20 እንዲሆን ተጠቅሷል። በቢኦኪው ተራ ቁጥር … ግን 25 ሚሜ ጋልቫናይዝድ ተብሏል። የትኛው ቁስ እንደሚሠራ፣ ፒፒአር ከሆነም የውጭ ዲያሜትሩ ስንት እንደሆነ ተገልጾ የቢኦኪው ተራ እንዲስተካከል እንጠይቃለን።»

ዋጋህን ወይም «ብረቱ ይረክሳል» የሚል አስተያየት አትጨምር። መልሱ ለሁሉም ተጫራች ስለሚላክ ጥያቄው ብቻ ይበቃል። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስደርግ።

ማሻሻያ ከወጣ በእሱ ሙላ፣ መቀበልህንም በጽሑፍ አሳውቅ። መልስ ሳይመጣ ቀኑ ከደረሰ ቢኦኪው እንደሚለው በብረቱ ሙላ፣ «ፒፒአር ከሆነ ዋጋዬ ይኼ ነው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አታያይዝ፣ ደግሜ እልሃለሁ፣ በእጅህም ምንም አታርም። ማኅተም ያለበት ቅጂ ግን አንተ ጋ ይቀመጥ፣ ሥራው ላይ የቁስ ለውጥ ሲታዘዝ አስቀድመህ መጠየቅህን የምታሳየው በእሱ ነው።