8 ኪሎ ላይ ያለችው መስመር

ጥያቄ፦ «ልጄ 1 ዓመት ከ5 ወሯ ነው። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረች 5 ሳምንት ሆናት። ስትጀምር 7.6 ኪሎ ስለነበረች በቀን አንድ ፍሬ ነበር የምሰጣት። ትናንት ሲመዝኗት 8.2 ሆነች፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ፍሬ ስጫት አሉኝ። በ600 ግራም እንዴት እጥፍ ይሆናል? ጉበቷን ፈራሁ። አንድ ተኩል ብሰጣትስ?»

እህቴ፣ ሁለት ስጫት። አንድ ተኩል አይሆንም።

ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ጣና ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አሁን ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር የቲቢ ክፍል ነው የምሠራው። የአንቺን ጥያቄ የጠየቀችኝ እናት ጥቂት ናት። ብዙዎቹ ግን ጠይቀው ሳይሆን ዝም ብለው ቤት ገብተው አንድ ፍሬውን ይቀጥላሉ። አንቺ ስለጠየቅሽ ሂሳቡን ቁጭ ብለን እንሥራው።

የምትሰጫት ባለ ሦስት ውሁድ ኪኒን ነው። አንዷ ፍሬ ውስጥ 75 ሚሊግራም ሪፋምፒሲን፣ 50 አይሶናያዚድ፣ 150 ፒራዚናማይድ አለ። ለልጅ ሪፋምፒሲን የሚፈለገው በአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነው ይባላል። አሁን 75ን ለ8.2 አካፍይው። 9.1 ይመጣል። ከታችኛው ወሰን ወርዷል ማለት ነው። ሁለት ፍሬ ሲሆን 18.3 ይሆናል። ከላይኛው ወሰን አላለፈም።

አንድ ተኩሉን ደግሞ እንየው። ሪፋምፒሲኑን ብቻ ካየሽ ያጓጓል፣ 13.7 ነው። ችግሩ ኪኒኗ ውስጥ ያሉት ሦስቱም አብረው ነው የሚሄዱት። ፒራዚናማይድ በኪሎ ከ30 እስከ 40 ይፈለጋል። በአንድ ተኩል 27.4 ብቻ ነው የምታገኘው። በሁለት 36.6 ታገኛለች። ደግሞ ይቺ ኪኒን በሙሉ ፍሬ እንድትሰጥ ተብላ የተሠራች ናት። ግማሿን ለነገ ብለሽ ብታስቀምጪያት በክረምት የሐይቁ እርጥበት ይጨርሳታል። ውሃ ውስጥ ቶሎ እንድትበተን የተሠራች ነገር ከአየሩም እርጥበት ትስባለች። ከማሸጊያዋ ማውጣት ልትበጠብጪ ስትይ ብቻ ነው።

ስለ ጉበቷ ያልሽው ተገቢ ፍርሃት ነው። አይሶናያዚድ በሁለት ፍሬ በኪሎ 12.2 ይሆናል፤ ወሰኑ 15 ነው። ስለዚህ ከመጠን አላለፈችም። ዓይኗ ነጭ ቦታው ቢጫ ከሆነ፣ ደጋግማ ካስታወከች፣ ምግብ እምቢ ብላ ከተኛች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሻት ሂጂ። ሽንቷ ብርቱካንማ ሲሆን አትደንግጪ። እሱ የሪፋምፒሲኑ ቀለም ነው፤ ከጉበት ጋር አይገናኝም።

«እጥፍ» ያስመሰለው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሠንጠረዡ እንደ ደረጃ ነው። ከ4 ኪሎ ጀምሮ 8 እስኪሞላ አንድ ፍሬ፣ ከ8 ጀምሮ 12 እስኪሞላ ሁለት፣ ከ12 እስከ 16 ሦስት፣ ከ16 እስከ 25 አራት። ከ25 በኋላ የአዋቂው ኪኒን ይጀምራል። አሁን 4፣ 8፣ 12 እና 16 ኪሎ ላይ ሪፋምፒሲኑን ብታሰይው ሁሉም ቦታ በኪሎ 18.75 ይመጣል። እያንዳንዱ ደረጃ መጀመሪያ ላይ ልጁ ብዙ ያገኛል፣ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል። ልጅሽ 7.6 ላይ ሆና የደረጃው መጨረሻ ላይ ነበረች፤ ትንሹን ነበር የምታገኘው፣ 9.9። አሁን የሚቀጥለው ደረጃ መጀመሪያ ላይ ቆመች። ዝላዩ የበዛብሽ ለዚህ ነው። 11 ኪሎ ስትሞላ ያው ሁለት ፍሬ በኪሎ 13.6 ይሆናል።

«እኔ ራሴ ቲቢ ታምሜ እንኳ በኪሎ ይህን ያህል አልወሰድኩም» ያለችኝ እናት ነበረች። እውነቷን ነው። የልጅ ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግዳል። ስለዚህ ለአዋቂ በኪሎ 10 ሲበቃ ለልጅ 15 ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆችን መጠን ከፍ ያደረገው በ2010 ነው (በፈረንጆቹ)፤ ለዚህ መጠን የተሠራችው ኪኒን የወጣችው ደግሞ በ2015 መጨረሻ። ከዚያ በፊት ኪኒን ስንሰብርና ስንፈጭ ነው የኖርነው። ያንን ጊዜ ባላስታውሰው ይሻላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሚዛኑ። መስመሩ 8 ላይ ስለሆነ ጥቂት ግራም ቁጥሩን ይለውጣል። 7.9ን «8 ነው በቃ» ብለን አናጠጋጋም፤ 7.9 አንድ ፍሬ ነው። በክረምት ሹራብ፣ ኮፍያና እርጥብ ዳይፐር ለብሳ የመጣች ልጅ ግማሽ ኪሎ የልብስ ክብደት ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ትናንት ልብሷ ወልቆ ነበር ወይ የተመዘነችው? ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ ነበር? ካልሆነ ነገ ሄደሽ «በቀጭን ልብስ ድጋሚ መዝኑልኝ» በይ። ማንም አይቆጣሽም። ቢቆጣሽም ይቆጣሽ።

ሌላም አለ። ልጅሽ ቀጭን ስለነበረች እግሯን እዪ። በአውራ ጣትሽ ሁለቱንም እግሯን ከላይ በኩል ለ3 ሰኮንድ ያህል ተጫኚ። ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ እብጠት ነው፤ የጨመረው ኪሎ ሥጋ ሳይሆን ውሃ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፍሬ ከመጨመርሽ በፊት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትታይ። እብጠት ከሌለ፣ እየበላችና እየተጫወተች ከሆነ 600 ግራም በ5 ሳምንት ደስ የሚል ነገር ነው።

የእኔን ስህተት ልንገርሽ። የድሮው ጤና ጣቢያ እያለሁ ከጣና ማዶ በጀልባ የሚመጣ አንድ ሕፃን ነበር። ሲጀምር 7.4 ኪሎ፣ አንድ ፍሬ። ካርዱ ላይ በመጀመሪያው ወር 7.4፣ በሁለተኛው 7.4፣ በሦስተኛው 7.4። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ግራም ያልጨመረ፣ አንድ ግራም ያልቀነሰ ልጅ አይቼ አላውቅም። ሚዛናችን ተበላሽቶ ስለነበር ያለፈውን ቁጥር እየገለበጥን ነበር የምንጽፈው፤ አንዱ ጽሕፈት የኔው ነው። ሚዛኑ ሲጠገን ልጁ 9.1 ሆኖ ተገኘ። ለስንት ሳምንት እንደሆነ ባናውቅም በኪሎ 8.2 ሪፋምፒሲን ነበር የሚያገኘው። ይሄ ነገር አይታይም፤ ልጁ አይጮህም፣ አያስታውክም። መድኃኒት ሲያንስ ምልክቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሐኪሙ እንደገና አይቶት ቀሪውን በሁለት ፍሬ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ካርድ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ተመሳሳይ ቁጥር ተደርድሮ እንደሆነ ነው። አንቺም ካርዷን እንዲሁ እዪ።

የኤችአይቪ መድኃኒትም አብሮ ለሚሰጣቸው ልጆች እናቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁለቱን ሠንጠረዥ የሚያምታታ ብዙ ሰው አያለሁ። የኤችአይቪው መስመር 6፣ 10፣ 14 እና 20 ላይ ነው እንጂ 8 እና 12 ላይ አይደለም። ደግሞ እዚያ ግማሽ ፍሬ አለ። ባለ 10 ሚሊግራም የሚሟሟው ዶሉቴግራቪር መሃሉ ላይ መስመር ያለው ለዚህ ነው። 8.2 ኪሎ የሆነ ልጅ ከዚህኛው አንድ ተኩል ይወስዳል። «ጎረቤቴ አንድ ተኩል ነው የምትሰጠው» የሚባለው ወሬ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባሽ? የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ዶሉቴግራቪሩን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱን የሚወስድ ልጅ አንድ ተኩሉን ጠዋትም ማታም ይወስዳል፤ ይሄም ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላ 2 ሳምንት ይቀጥላል። ይህን ክሊኒኩ ራሱ ይጽፍላችኋል። ካልጻፈላችሁ ጠይቁ።

ወደ አንቺ ልመለስ። አበጣበጡ ለሁለት ፍሬም ያው ነው፣ 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ። መለኪያ ከሌለሽ ከፋርማሲ ባለ 10 ሲሪንጅ ግዢና በአምስት ጊዜ አንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ቅጂ፤ የት ድረስ እንደደረሰ ሲኒው ላይ ምልክት አድርጊ። የኔ ቤት ሲኒ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው 50 የሚሆነው፤ የአንቺ ሊለይ ይችላል። ሁለቱንም ፍሬ ጨምረሽ አማስይ፤ ከተበተነ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ትጠጣ። ሲኒው ሥር ቀይ ዝቃጭ ይቀራል። መድኃኒቱ እዚያ ነው ያለው። ትንሽ ውሃ ጨምሪበትና አዙረሽ እሱንም አጠጫት። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ እንዳትጨምሪ፤ ግማሹን ትታ ብትተኛ ስንት እንደወሰደች አታውቂም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስታወከች ድገሚላት።

ኢታምቡቶል ለብቻው የተሰጠሽ ከሆነ፣ ማለትም ባለ 100 ሚሊግራሙ፣ እሱም አብሮ ወደ ሁለት ያድጋል። እናቶች የሚረሱት ይሄኛውን ነው። ትናንት የጻፉልሽን ወረቀት አውጪና ሁለቱም ላይ «2» መሆኑን እዪ።

በመጨረሻ ቁጠሪ። እጅሽ ላይ ያለው መድኃኒት በቀን አንድ ተብሎ የተሰጠ ነው። 14 ፍሬ ከቀረሽ ከዛሬ ጀምሮ 7 ቀን ብቻ ነው የሚያደርስሽ። የመጀመሪያው ዙር 8 ሳምንት ስለሆነ ገና 21 ቀን ይቀራታል፤ 42 ፍሬ ያስፈልግሻል። የወር ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ሳያልቅ ሂጂና ጨምረሽ ውሰጂ። ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ፒራዚናማይድ የሌለበት ሌላ ኪኒን ይሰጡሻል፤ መስመሮቹ ያው ናቸው። 8.2 ከሆነች ያኔም ሁለት ነው።