ሊብሬው ማን ጋ ነው?

ይድረስ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ለምትገኙ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባንክ ብድር ክፍል ነው። ብዙ ሰው ባንክን የሚያውቀው ገንዘብ በሚቆጠርበት መስኮት በኩል ነው። እኔ የተቀመጥኩት ከዚያ ጀርባ፣ ማመልከቻና መያዣ በሚመረመርበት ክፍል ነበር። እዚያ ወንበር ላይ የቆየ ሰው፣ ሰፈሩ የሚያደንቀውን ቤትና መኪና አስቀድሞ የሚያውቀው በዕዳው በኩል ነው። ስለ ቅናት መስበኩን ለሰባኪዎቹ ልተውና ከዚያ ወንበር ያየሁትን ልንገራችሁ።

ብድር ጠያቂን ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው መጠየቅ ግዴታ ነው። ለንግድ የሚበደር ሰው ስለ ዕቃው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ትርፉ ያወራል። ለመኪና ከሚመጡት ወጣቶች ግን ስንቱ መልሱን በሌላ ሰው እንደጀመረልኝ! «የአክስቴ ልጅ ገዝቷል»፣ «አብረን የተመረቅነው ልጅ እንኳ…»። ያቺ «እንኳ» ሁሌም ትገርመኝ ነበር። በከተማው የታወቀ ባለሀብት ስላለው መኪና አንድም ሰው አንስቶልኝ አያውቅም። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፎታል፦ ሰው ራሱን የሚለካው ከእሱ ጋር በሚመሳሰለው ሰው ነው። የባለሀብቱ ሀብት ስለ እናንተ የሚናገረው ነገር የለም። የአክስታችሁ ልጅ ግን በአንድ ምጣድ እንጀራ ያደገ፣ አንድ ትምህርት ቤት የዋለ ነው። እሱ ሲያልፍለት «አንተስ ምን ሆነህ ነው?» የሚል ጥያቄ ትቶላችሁ ያልፋል። የሚያመውም ጥያቄው ነው።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላስረዳችሁ። የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ለውጬዋለሁ።

የሞባይል ሱቅ ያለው ወጣት ነው። ወጪው ተቀንሶ በወር 75,000 ብር ገደማ ይገባዋል፣ ለዕድሜው መልካም ገቢ ነው። ሊገዛ ያሰበው መኪና 2 ሚሊዮን ብር ነው። 600,000 ብር በእጁ አለ፣ ቀሪውን 1,400,000 በ5 ዓመት እንዲከፍል እንድናበድረው ፈለገ። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነበር። በዚህ ሒሳብ ወርሃዊ ክፍያው 34,000 ብር አካባቢ ይመጣል፣ በ5 ዓመት ውስጥም ከ640,000 ብር በላይ ወለድ ይከፍላል። የመኪናውን ቀለም ሳይቀር መርጦ ነበር የመጣው። በወር ስንት እንደሚደርስበት ግን የሰማው ከእኔ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ገንዘቡን ፍላጎት ሳይሆን ፉክክር ሲጠይቅ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ነው።

የ12 ወር የሒሳብ እንቅስቃሴውን አስወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ሒሳቡ 100,000 ብርን እምብዛም አያልፍም። ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት ግን ሁለት ትልልቅ ገቢዎች ተከታትለው ገብተዋል፣ አንዱ 300,000 ሌላው 200,000። ብድር መርማሪ እንዲህ ዓይነት ገቢ ሲያይ ሳይጠይቅ አያልፍም። ልጁም አልደበቀኝም፤ 300,000ው ዕቁብ ነው፣ 200,000ው ከአጎቱ የተበደረው።

ዕቁብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሱ ዕቁብ 20 አባላት ነበሩት፣ እያንዳንዱ በወር 15,000 ይጥላል። ዕጣው በሁለተኛው ዙር ወጣለት። 300,000 ብር ሲቀበል ከኪሱ የወጣው ገና 30,000 ብር ነው። የቀረው 270,000 ብር ለተከታዮቹ 18 ወራት ለአባላቱ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ወለድ ስለሌለውና «ደረሰኝ» ስለሚባል ዕዳ አይመስልም። መጨረሻው ዙር ላይ የደረሰው ሰው ያጠራቀመውን ሲወስድ መጀመሪያ የደረሰው ግን ተበድሯል፣ ሁለቱም እኩል እልል ይባልላቸዋል።

እንግዲህ አስሉት። 600,000 ካለው ውስጥ በእርግጥ የራሱ የሆነው 130,000 ብር ብቻ ነው። ከ75,000 ገቢው ላይ 34,000 ለባንክ፣ 15,000 ለዕቁብ ሲወጣ 26,000 ይቀራል። የቤት ኪራዩ 12,000 ነው። በቀረችው 14,000 ብር ቀለብ፣ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና የአጎቱ ብድር ሊሸፈኑ ነው። አንድ ወር ሱቁ ቢቀዘቅዝ ምን ሊሆን ነው? ዕቁቡ እስኪያልቅና የአጎቱን ዕዳ እስኪያቃልል እንዲቆይ ነገርኩት። ተናደደ። «እሱ እንዴት ቻለ ታዲያ?» አለኝ፣ የአክስቱን ልጅ ማለቱ ነው።

የአክስቱ ልጅ የኛው ደንበኛ ነበር፣ ፋይሉም ከኋላዬ ካለው ካቢኔት ውስጥ ነው። የመኪናው ሊብሬ በእኛ እጅ ነው። መኪናው ብቻውን አልበቃ ብሎ የአባቱ ቤትም ተይዟል። ሦስት ወር ክፍያ አልገባም። በባንክ ደንብ ብድር 90 ቀን ካለፈው «የተበላሸ ብድር» ተብሎ ይመደባል፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያው፣ ቀጥሎ ሐራጁ ይመጣል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ልጁን «የሰው ነገር አላውቅም» ብዬ ሸኘሁት። ሌላ ማለት አልችልም ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው በዚያ መኪና ሲቀና እንደነበር ግን ሳስበው ይደንቀኝ ነበር።

ይህ የኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዕጣው በፖስታ ቁጥር የሚወጣ ሎተሪ አለ፤ ቁጥሩ ሲወጣ በዚያ ጎዳና ትኬት የገዛ ሁሉ ያሸንፋል፣ ቢ.ኤም.ደብሊው መኪናም ይታከልበታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአሸናፊዎቹ ጎረቤቶች፣ ትኬት ያልገዙት ማለቴ ነው፣ መኪና ወደ መግዛት አዘነበሉ። ጎረቤታቸው ከማሸነፉ በቀር በነሱ ኪስ የተለወጠ ነገር የለም።

አሁን እኔን የሚቃወም ነገር ራሴው ላንሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ በፊት ተበድረው መኪና የገዙ ሰዎች ንብረታቸው በብር ሲተመን አበጠ፣ ዕዳቸው ግን ባለበት ቆመ። «ቆይ» ያልኳቸው ሰዎች በዚያ ሰሞን ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ዋጋ በሚንርበት አገር የተበደረ የሚያተርፍበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ያተረፈው ክፍያውን ሳያቋርጥ እዚያ ድረስ የዘለቀው ነው። ሦስት ወር ያወዘፈው ሰው መኪናው በሐራጅ ከወጣ በኋላ ዋጋ ቢያብጥ ምን ያደርግለታል?

ከዚህ የምትወስዱት ሌላም ነገር አለ። ከእኩያችሁ ጋር ያላችሁ ልዩነት ብዙ ጊዜ የብልሃት ሳይሆን የቀን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1997 ዓ.ም. አብረው ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡ ሁለት ሰዎች አንዱ ዕጣው ቶሎ ወጥቶለት ቤቱ ገባ፣ ሌላው ዓመታት ጠበቀ። ዛሬ ባለቤቱ በዘመድ ፊት «አርቆ አሳቢ» ነው። ጠባቂው ደግሞ ከቤት ስለሚያስወጡት አከራዮች ያወራል። በምዝገባው ዕለት ግን የሁለቱም ሐሳብ እኩል ነበር። ውጭ ስላሉት ዘመዶቻችሁም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ካለው ቤቷ ፊት የተነሳችው የእህቴ ልጅ ፎቶ ቤተሰቡን ሁሉ ሲያዞር ነበር። የ30 ዓመት ዕዳውና የሌሊት ፈረቃው ፎቶው ላይ አይታዩም።

እዚህ ላይ ግን የምፈራው ነገር አለ። ይህን ደብዳቤ አንብባችሁ «እሰይ፣ ለካስ ሁሉም ባለዕዳ ነው» ብላችሁ እንዳትተኙ። እኔ ራሴ ለብዙ ዘመን የሰውን ፋይል ሳገላብጥ፣ የማውቀው ሰው ክፍያ ሲወዘፍበት ውስጤን ደስ ሲለው ይዤው አውቃለሁ። ያ ዕፎይታ ቅናቱ ራሱ ነው፣ ልብስ ቀይሮ። ደግሞም ንጹሕ ፋይል ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ያለ ዕዳ፣ ያለ ቤተሰብ ድጋፍ፣ በሥራቸው ከእናንተ የበለጡ። እነሱን ስታገኙ የዕዳ ወሬ አያድናችሁም። በእነሱ ፊት የሚያዋጣው ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።

አጠያየቁም አለው። «ስንት አለህ?» አይባልም። «መነሻህ ምን ነበር? መቼ ጀመርክ? መጀመሪያ ላይ ማን ደገፈህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ስለ ገንዘቡ ዝም ቢልም ስለ አጀማመሩ ማውራት ይወዳል፣ በተለይ ለብቻው ስታገኙት። በሰርግ ወይም በበዓል ቀን፣ ዘመድ ጆሮውን በጣለበት፣ አትጠይቁት፤ የምትሰሙት ለሸንጎው የተዘጋጀውን ነው። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ከእሱ መነሻ ላይ የእናንተን መነሻ ቀንሱ። ለምሳሌ ሱቁን የከፈተው በአባቱ ቦታ ላይ ከሆነ እናንተ ኪራይ ስትከፍሉ የኖራችሁባቸውን ዓመታት ቁጠሩ። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል እዚያ ያልቃል፤ ካላለቀ የቀረው እናንተ ልትማሩት የምትችሉት ነው።

«የእከሌን ልጅ አየኸው?» የሚሉትን እናቶችና አክስቶችም አትቆጧቸው። አብዛኞቹ እየተጨነቁላችሁ ነው የሚሉት፣ ጭንቀታቸውም የኪራይ፣ የጡረታ፣ የመታመም ጭንቀት ነው። ለእናታችሁ ስለ እከሌ ልጅ መልስ መስጠት ትታችሁ የራሳችሁን ሒሳብ ንገሯት፦ በወር ይህን ያህል ይገባኛል፣ ይህን ያህል እያስቀመጥኩ ነው፣ የዕቁቡ የመጨረሻ ዙር መቼ ነው። ቁጥር የሰማች እናት ስለ እከሌ ልጅ ማንሳቷን ወዲያው ላትተው ትችላለች፣ የእኔም እናት አልተወችም ነበር። ግን በሚቀጥለው ጊዜ የምትጠይቃችሁ «ዕቁቡ ስንት ዙር ቀረው?» ብላ ይሆናል።