ዘጠኝ ቪዲዮና አንድ ያልተፈታ ጥያቄ

ውድ ተማሪዎች፣

ኬሚስትሪ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ፈተና ሲቃረብ ብዙ ፋይል የሚያሰባስበው ተማሪ ብዙ የሚያጠናው አለመሆኑን ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እኔም በተማሪነቴ የጓደኞቼን ደብተር ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ ያጠናሁ ይመስለኝ ነበር።

የምመክራችሁ ቅደም ተከተል ከለመዳችሁት የተገላቢጦሽ ነው። መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች ስለ አንድ ርዕስ አምስት ያህል ጥያቄዎች መርጣችሁ ያለ ምንም እርዳታ ወረቀት ላይ ሥሩ። ነጥቡ አያሳስባችሁ፤ ቀጥሎ ምን መክፈት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የተሳሳታችሁበት ቦታ ነው።

አንዲት ተማሪዬ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ስንት ግራም ውኃ እንደሚገኝ ተጠይቃ፣ ሁለቱን ደምራ 20 ብላ መለሰች። ስለዚሁ ርዕስ በስልኳ ዘጠኝ ቪዲዮዎች ነበሯት፤ አሥረኛውንም እየፈለገች ነበር። ስሕተቱን አብረን ስንመረምር ግን ግራምን ወደ ሞል መለወጥ እንደማያስቸግራት አየሁ፤ ሃይድሮጅኑ 2 ሞል፣ ኦክስጅኑ 0.5 ሞል መሆኑን ወዲያው አሰላች። ያልገባት፣ 2 ሞል ሃይድሮጅን የሚፈልገው 1 ሞል ኦክስጅን ስለሆነ እዚህ ኦክስጅኑ ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ሳይዋሃድ እንደሚተርፍና የሚገኘው ውኃ 18 ግራም ብቻ እንደሆነ ነበር።

ይህ የፅንሰ ሐሳብ ክፍተት ስለሆነ ያስፈለጋት የመማሪያ መጽሐፉ ሁለት ገጽ ነው፤ በምሳሌው ላይ ያለውን መልስ በወረቀት ሸፍና ራሷ እንድትሠራው አደረግሁ። ሐሳቡ ገብቷት የአሠራሩ ቅደም ተከተል ቢጠፋት ኖሮ አንድ ቪዲዮ ይበቃት ነበር፣ ያውም መምህሩ ቀጣዩን መስመር ከመጻፉ በፊት እያቆመች ራሷ ከጻፈችው። የረሳችው አንድ ቀመር ብቻ ቢሆን በራሷ እጅ የጻፈችው ማስታወሻ ይመልስላት ነበር። በትክክል ሠርታ ጊዜ ያነሳት ተማሪ ደግሞ ሰዓት ይዛ ተጨማሪ ጥያቄዎች መሥራት እንጂ ሌላ ምንም ማውረድ አያስፈልጋትም።

ያለፉ ፈተናዎችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ደጋግሞ የሠራቸው ተማሪ ጥያቄውን ሳይሆን የመልሱን ፊደል ያስታውሳል። ስለዚህ የቅርቦቹን ሁለት ፈተናዎች ሳትነኩ ለመጨረሻው ሳምንት አቆዩ፤ የሠራችሁትንም ቁጥሩን ቀይራችሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ሞክሩት። ለዚያች ተማሪ በሦስተኛው ቀን 2 ግራም ሃይድሮጅንና 32 ግራም ኦክስጅን ሰጠኋት። መልሱ አሁንም 18 ግራም ስለሆነ፣ መልሱን ብቻ የሸመደደ ሰው ሳይታወቅበት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የጠየቅኋት የትኛው እንደተረፈ ነበር፤ እሷም ጥቂት አስባ «16 ግራም ኦክስጅን» አለችኝ።