ወርሃዊ የጎማ ፍተሻና የመቀየሪያ ልክ

ጥያቄ፦ «ጎሚስታው ጥርስ ያለውን ጎማ አውርዱ ይለናል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለቀው ይሄዳል። በየወሩ ምን እንይ? ስንት ሲደርስ ነው የሚቀየረው?» (የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች)

ውድ ሹፌሮች፣

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ ጎማ ይፈተሻል። መንገድ ላይ የነበረ መኪና በገባ በማግስቱ ጠዋት ይታያል። ጎማው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ መቀዝቀዝ አለበት። የሞቀ ጎማ ንፋስ ከፍ ብሎ ስለሚያሳይ፣ ጋላፊ ላይ ብዙ ነው ብላችሁ ብታስተነፍሱት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሞቀ ጎማ በፍጹም አታስተንፍሱ።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ጎማ ንፋስ በመለኪያ ለኩ። በተለይ ከኋላ ጥንዶች የውስጠኛውን አትዝለሉ፤ በብረት መትቶ መገመት አያዋጣም። ልኩ 120 ፒኤስአይ ሆኖ የውጪው 118፣ የውስጠኛው 90 ቢያሳይ መኪናው አይዘምም፤ ጭነቱን የውጪው ተሸክሞታልና። ከልኩ አንድ አምስተኛ የጎደለበት ጎማ፣ በዚህ ምሳሌ 96 እና ከዚያ በታች፣ እንደተነፈሰ ይቆጠራል። መኪናው ላይ እንዳለ ንፋስ አትሙሉበት። ሳይሞላ ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ይደክማሉ፤ ሲሞላ እንደ ዚፕ ተተርትሮ ይፈነዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ሰው ይገድላል። ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት የሁለቱንም ጥንዶች ንፋስ ጨርሳችሁ አስወጡ። ጎሚስታው ከፍቶ ውስጡን ይይ፦ የላስቲክ ብናኝ፣ የጠቆረ ቀለበት ወይም የታጠፈ መስመር ካለ ጎማው ይጣላል። ንጹሕ ከሆነ ንፋስ የሚያፈስበት ቦታ ተጠግኖ በብረት ቀፎ ውስጥ ይሞላል፤ የሚሞላውም ሰው ከጎን ይቁም።

ከ96 በላይ ሆኖ የጎደለውን እስከ ልኩ ሙሉና በማግስቱ ጠዋት ድገሙት። እንደገና ከወረደ ለጎሚስታ። በጥንዶች መካከል ከ5 ፒኤስአይ በላይ ልዩነት አይኑር።

ጥርሱን በጥልቀት መለኪያ በወርዱ ሦስት ቦታ ለኩና ትንሹን ቁጥር መዝግቡ። የፊት ጎማ 4 ሚሊሜትር፣ የኋላና የተሳቢ 3 ሚሊሜትር ሲደርስ ይወርዳል። በጥርሱ መሐል ያለችው ትንሽ ጉብታ 1.6 ሚሊሜትር ላይ ናት፤ እሷ እስክትታይ ከተጠበቀ ጎማው በጉዞ መሐል ያልቃል። ለዚህ ነው ጥርስ ያለው ጎማ የሚወርደው። አንዱ ትከሻ ብቻ ከተበላ ከመቀየሩ በፊት አላይመንቱ ይስተካከል፤ አለዚያ አዲሱም ይበላል። የጥርስ ልዩነታቸው ከ4 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ሁለት ጎማዎች አይጣመሩ፤ ረዥሙ ጭነቱን ይሸከማል፣ አጭሩ ይጎተታል።

ሽቦ የታየበት ወይም ጎኑ ያበጠ ጎማ ጥርሱ ስንትም ቢሆን ይወርዳል። የፊት ጎማ ከተመረተ ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቀየራል። ጎኑ ላይ ያለው 2319 ማለት 2019 በፈረንጅ ዓመት፣ 23ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አትቁጠሩት።

ከልኩ የወጣ ጎማ ያለበትን መኪና ሹፌሩ አያንቀሳቅስም፤ ስምሪትም አያስወጣም። ቁጥሮቹን ሹፌሩና ጎሚስታው ፈርመው ከመውጫ ወረቀቱ ጋር ያያይዙ።

የስምሪትና ጥገና ኃላፊ