ከዋና በኋላ ጆሮ ሲያም፦ ክብሪቱን አስቀምጠው

«እሁድ ላንጋኖ ዋኝቼ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት ቀኝ ጆሮዬን ድንገት አመመኝ፣ በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም። የድፍን ድፍን ይለኛል። ውሃ የቀረበት ይመስለኛል። ዘይት አሙቄ ላድርግበት ወይስ በጥጥ ልጥረገው?»

ሁለቱንም እንዳታደርግ። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን እዚያው ላንጋኖ ዋኝቼ ያንተው ነገር ደርሶብኛል፤ የኔም ቀኝ ጆሮ ነበር። የሆንኩትን ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ለየው። ጆሮህን ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው። ከዚያ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣትህ ጫን በላት። በዚህ ጊዜ ዘለህ ከተነሳህ ሕመሙ ከታምቡሩ ወዲህ፣ የቀዳዳው ቆዳ ላይ ነው። የውጪው ጆሮ ኢንፌክሽን የሚሉት እሱን ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ቀድሞት ይመጣል፣ ጆሮህን ብትጎትተውም እንዲህ አያስጮህህም። በነገራችን ላይ «ውሃ ቀርቶ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ውሃው ራሱ አያምም። ቆዳውን ያርሰዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በትንሿ ጭረት ባክቴሪያ ይገባል። ለዚህ ነው እሁድ ዋኝተህ ማክሰኞ የያዘህ። የድፍን ድፍን የሚልህም ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይሆን እብጠቱ ነው።

2. ኩክህን ተወው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም። ውሃ አያሳልፍም፣ ትንሽ አሲድነት ስላለው ባክቴሪያ አይመቸውም፣ ራሱም ቀስ እያለ ወደ ውጪ ይወጣል። እኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! በየሳምንቱ ቅዳሜ ገላዬን ታጥቤ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ ጆሮዬን «ማጽዳት» የኩራቴ ነገር ነበር። ላንጋኖ ከመሄዴ በፊት በነበረው ምሽትም እንደዚያው አጸዳሁ። ማለትም መከላከያውን ጠርጌ፣ ቆዳውን ጫር ጫር አድርጌ፣ ለሐይቁ አዘጋጅቼ ሰጠሁት።

ሕመሙ ሲጀምር ደግሞ የባሰ ሠራሁ። ውስጡ ያሳክከኝ ስለነበር ያው ክብሪት ተመልሶ ገባ። ሳወጣው እንጨቱ ባዶውን ነበር። ጥጡ የት ሄደ? መሬት ወድቋል ብዬ ተውኩት። እናቴ ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ልታንጠባጥብልኝ መጣች፣ እሷንም እሺ አልኳት። ዘይቱ ሞቅ ያለ ሳይሆን ትኩስ ነበር፤ ያን ሌሊት ቤቱን በጩኸት አናጋሁት።

ጠዋት ሰፈር ያለ ፋርማሲ ሄድኩ። ልጁ ጆሮዬን ሳያየው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ «አሞክሳሲሊን ውሰድ» ብሎ ሸጠልኝ። ሦስት ቀን ዋጥኩት፣ ምንም። በኋላ እንደተረዳሁት የዋናተኛ ጆሮን ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ እሱን ጭራሽ አይነካውም። ለተራው የውጪ ጆሮ ኢንፌክሽን መድኃኒቱ የሚዋጥ ሳይሆን እዚያው ቆዳው ላይ የሚንጠባጠብ ነው።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ። እዚህ ላይ አሁንም ደሜ ይፈላል። ካርድ አውጥቼ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ፣ ስገባ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ኩክ ነው፣ ይታጠብ» አለ። በትልቅ ስሪንጅ ውሃ ለቀቁበት። ያበጠና የቆሰለ ጆሮ ላይ! ታምቡሩ ይብሳ አይብሳ ሳያዩ! አመመኝ ስል «ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ» አለችኝ ነርሷ። ማታ ቀዳዳው ጭራሽ ተዘጋ፣ ቢጫ ፈሳሽ ትራሱ ላይ መጣ።

በአራተኛው ቀን አንገት በላይ ሐኪም ጋ ደረስኩ። ወጣት ሴት ናት፣ ጆሮዬን አንዴ ሳብ አድርጋ ፊቴን አየችና ገባት። በቀጭን የመሳቢያ ቱቦ መግሉን ስትስብ ቆየችና ቆም አለች፣ ትንሽ መቆንጠጫ አነሳች። የወጣው ነገር የምስር ፍሬ ያህላል፣ ግራጫ፣ ሽታው አይነገርም። የኔው የክብሪት ጥጥ! እሱ ቁጭ ብሎ ምን ጠብታ ሊሠራ? ቀዳዳው አብጦ ስለነበር ስፖንጅ መሳይ ቀጭን ነገር አስገባችበት፣ ጠብታው በሱ በኩል እየሰረገ እንዲገባ ነው። በሁለተኛው ቀን አወጣችው። ስፖንጁ ሐኪም የሚያስገባው ነው፤ ቤትህ በጥጥ እንዳትሞክረው።

3. ጠብታው። ለኔ ያዘዘችው ሲፕሮፍሎክሳሲን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው፣ ለ7 ቀን። አጠቃቀሙን የሚነግርህ የለምና ስማኝ። ጠርሙሱን መጀመሪያ መዳፍህ ውስጥ ትንሽ አሙቀው፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ያዞርሃል። በደህናው ጎን ተኛ፣ ያንጠባጥቡልህ፣ ያችን ጉብታ ቀስ እያልክ ጫን ለቀቅ አድርጋት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ አትነሳ። በሁለት በሦስት ቀን ይቀልሃል። ሲሻልህ አታቋርጥ። ለውጥ ካላየህ ግን ተመልሰህ ታይ፣ አንዳንዴ ፈንገስም ሊሆን ይችላል። ቤት ያለ የድሮ ጠብታም አታድርግበት። ታምቡር የተበሳ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያሉት መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቀድሞ መታየት አለበት።

4 ብዬ የማይገቡትን ልዘረዝር ነበር። ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ቁልፍ፣ የዶሮ ላባ (አጎቴ እስካሁን በላባ ነው የሚያክከው፣ ስነግረው ይስቅብኛል)፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትኩስ ዘይት፣ የሱቁም የጆሮ ጥጥ። ቀዳዳው ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ቢሆን ነው፣ መጨረሻው ታምቡር ነው። በዚያ ላይ ሰው ድንገት ክንድህን ቢነካህስ?

ለሁለት ሳምንት ያህል ዋና የለም። ገላህን ስትታጠብ ጥጥ ላይ ቫዝሊን ቀብተህ በር ላይ ብቻ አስቀምጠው፣ አትግፋው። በጆሮ የሚሰካ ማዳመጫም ይቅርብህ።

ስኳር ካለብህ ወይም ሰውነትህን የሚያዳክም ሌላ በሽታ ካለብህ ግን ጊዜ አትስጠው፣ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ትኩሳት ከመጣ፣ ከጆሮህ ጀርባ ካበጠ፣ ፊትህ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግባ።

ለዛሬ ማታ የሚስማማህ ከሆነ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ውሰድ፣ ነገ በጠዋት አንገት በላይ ሐኪም ፈልግ። ሳያዩት «እንጠበው» ካሉህ ተነስተህ ውጣ። ክብሪት ወይም ጥጥ አስገብተህ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቅ ንገራቸው። እኔ አፍሬ ክሊኒኩ ላይ ስለደበቅኩ ነው ያ ጥጥ ውስጤ የከረመው።