ጥያቄና መልስ፦ «በወር 2 ብቻ» የሚባለው ወለድ እና በር ላይ የሚቀመጠው ሰብሳቢ

መዝገብ ያዥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ ብድር በሚሰጥ ድርጅት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ብድር ኦፊሰር ሆኜ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ኋላ የውስጥ ኦዲተር ሆኜ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም አታስጠሩኝ። ስለ ወለድ አቆጣጠርና ስለ ዕዳ አሰባሰብ ጠይቁ። «ልበደር ወይስ ልተው?» ለሚል ግን መልስ የለኝም፤ ኪሳችሁን የማውቀው እኔ አይደለሁም።

ብርቱካን፦ በወር 2 በመቶ ነው ያሉኝ። በዓመት 24 ማለት ነው። ይሄ ምኑ ላይ ነው ግፍ የሚባለው?

የምን 2 በመቶ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው እህቴ።

12,000 ተበደርሽ እንበል፤ የየትም አገር ገንዘብ ይሁን። መክፈያው 12 ወር ነው። በየወሩ ከዋናው 1,000፣ ወለድ 240፣ በድምሩ 1,240 ትሰጫለሽ። በመጀመሪያው ወር ሙሉው 12,000 እጅሽ ላይ ስለሆነ 240 በእርግጥም 2 በመቶ ነው። በሰባተኛው ወር ግን ግማሹን መልሰሻል። ያለብሽ 6,000 ሆኖ ሳለ ወለዱ ያው 240 ነው፤ 4 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻው ወር የቀረብሽ 1,000 ብቻ ነው። ለዚያች 1,000 ለአንድ ወር 240 ትከፍያለሽ። 24 በመቶ፣ ለዓመት ሳይሆን ለአንድ ወር!

እኛ ቤት ይህን «ፍላት» እንለው ነበር። ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በወሰድሽው ላይ ነው እንጂ በቀረብሽ ላይ አይደለም። በቀሪው ዕዳ ቢታሰብ፣ ማለትም «ዲክላይኒንግ» ቢሆን፣ በዚያው 2 በመቶ የዓመቱ ወለድ 1,560 ይሆን ነበር። በፍላት 2,880 ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «በወር 2» ተብለው ይጻፋሉ። ፍላቱ በትክክል ሲሰላ በዓመት ወደ 42 በመቶ ይመጣል።

ገና አልጨረስኩም። 12,000 ፈርመሽ ስትወጪ እጅሽ የገባው ስንት ነው? 3 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተቆረጠ፣ 360። 10 በመቶ አስገዳጅ ቁጠባ ተያዘ፣ 1,200። ይዘሽ የወጣሽው 10,440 ነው፤ ወለድ የምትከፍይው ግን በ12,000 ነው። በገዛ ገንዘብሽ ላይ ወለድ እየከፈልሽ ነው ማለት ነው። ቁጠባው በዓመቱ መጨረሻ ያለ ወለድ ቢመለስልሽ እንኳ 24 የነበረው 57 ገደማ ደርሷል። ኤክሴል ያለው ሰው ራሱ ይሞክረው፦

```
=RATE(12,-1240,12000)*12
=RATE(12,-1240,10440,1200)*12
```

የመጀመሪያው ፍላቱ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ክፍያውና ቁጠባው ተጨምሮበት። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የተፈረመውን ሳይሆን እጅ የገባውን ቁጠሩ።

ኪያ፦ ጋሼ የኔንም አስሉልኝ፣ 2.5 ነው የተባልኩት።

እጅህ የገባው ስንት ነው? በየወሩ የምትከፍለው ስንት ነው? ለስንት ወር? እነዚህን ሳትነግረኝ 2.5 ለኔ ምንም አይነግረኝም። እጅ የገባውን ቁጠሩ አልኩ እኮ!

ነጋዴው፦ ወለዱ የሚወደደው ድሃ ስለማይከፍል ነው። አበዳሪው የጠፋበትን ከከፋዩ ነው የሚያካክሰው። ታዲያ ምን ያድርግ?

ግማሹ ልክ ነው፤ ማካካስ አለ። ምክንያቱ ላይ ግን አልስማማም። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ካበደርነው ከ95 በመቶ በላይ ይመለስልናል ብለው የሚኩራሩ ናቸው። ውድ የሚያደርገው የብድሩ ማነስ ነው። እኔ አንዲት ሴት ዘንድ ሦስት ጊዜ እሄዳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ቡድኗን እሰበስባለሁ፣ በየሳምንቱ እቀበላለሁ። የዚህ ሁሉ ወጪ 600 ነው ብንል፣ ለ5,000 ብድር 12 በመቶ ነው፤ ለ100,000 ብድር ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ልፋቱ ያው ነው። ስለዚህ ከባንክ ወለድ በላይ ማስከፈል ብቻውን ግፍ አይደለም። 57ን 24 ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

> ሐቀኛ፦ ጋሼ እዚህ ላይ ለአበዳሪ ጠበቃ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሜክሲኮ አነስተኛ ብድር የሚሰጠው ኮምፓርታሞስ አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ባለድርሻዎቹ ያፈሱት ትርፍ የወጪ ማካካሻ ነበር? ከድሃ ሴቶች የተሰበሰበ ወለድ ነው!
>
> ነጋዴው፦ ትርፍ ባይኖር ማን ያበድራል? አንተ ታበድራለህ?
>
> ሐቀኛ፦ እኔ አራጣ አላበድርም።
>
> ነጋዴው፦ ሌላም አታበድርም፤ ለዚህ ነው ሰው ወደ አራጣ የሚሄደው።
>
> መዝገብ ያዥ፦ ኮምፓርታሞስ ላይ ሐቀኛ እውነቱን ነው። ወጪ የተወሰነውን ያስረዳል እንጂ ሁሉንም አይደለም። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ መሥራች ሙሐመድ ዩኑስም ያኔ በግልጽ ተቃውሟል። ክርክራችሁን ግን ሌላ ቦታ አድርጉት፤ የሰው ጥያቄ እየተቀበረ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ አምስት ሆነን እርስ በርስ ተዋስተን ነው የተበደርነው። እኔ የራሴን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ከአምስታችን አንዷ ታመመችና ሁለት ሳምንት ሳትከፍል ቀረች። ኦፊሰሩ አራታችንን እቤቷ በር ላይ አስቀምጦ «ገንዘቡ ሳይሞላ ማንም አይሄድም» አለን። እስከ ማታ ተቀመጥን። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ያገኘችኝ እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ታማሚዋ አታናግረኝም። ያ ኦፊሰር እንዲህ የጨከነው ለምንድን ነው?

ይቅርታ እህቴ። እኔም ይህን አድርጌያለሁ። ጭካኔ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ሥራ ነበር።

ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። የኦፊሰር ጉርሻ የሚለካው ክፍያቸው ከ30 ቀን በላይ የዘገዩ ብድሮች ከጠቅላላው ስንት እጅ ናቸው በሚል ነው። የዘገየው ክፍያ 30 ቀን ካላለፈው በሪፖርቱ የለም። 31ኛው ቀን ላይ ግን የዚያ ሰው ቀሪ ዕዳ በሙሉ፣ የዘገየው አንዱ ክፍያ ብቻ ሳይሆን፣ በቀዩ መስመር ይገባል። ሁለት ሦስት ሰው ካለፈኝ የወሩ ጉርሻዬ ሄደ። ደሞዜ ትንሽ ስለነበር ጉርሻው የቤት ኪራዬ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መደናገጥ እጀምራለሁ። ታማሚዋን ማስጨነቅ ዋጋ የለውም፤ ገንዘብ የላትም። ገንዘብ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ ደግሞም ታፍራላችሁ። በር ላይ የሚያስቀምጣችሁ ለዚህ ነው። የቡድን ዋስትና ማለት የማስከፈሉን ሥራ ለጎረቤት በነጻ ማሠራት ነው።

ሁለተኛው መላ ደግሞ ጸጥተኛ ነው። 28ኛው ቀን ላይ «አዲስ ብድር ልስጥሽ፣ ከእሱ አሮጌውን ዝጊ» ይላል። ሪፖርቱ ጸዳ፤ ዕዳው ግን አደገ፣ የአገልግሎት ክፍያውም እንደገና ተቆረጠ። ኦዲተር ሆኜ የምፈልገው ይህን ነበር፦ አሮጌው በተዘጋበት ቀን የተከፈተ፣ ከአሮጌው በመጠኑ የሚበልጥ አዲስ ብድር። እንዲህ ያለው ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ያ ሰው እየከፈለ አይደለም፤ እየሰመጠ ነው።

በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ከሦስት አራት ድርጅት ይበደራል፣ ሰብሳቢው በር ላይ ይቆማል። ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ዜና በረከተ። የግዛቱ መንግሥት በጥቅምት አስቸኳይ ደንብ አወጣ፤ ሰው መክፈል አቆመ፣ አበዳሪዎቹም ማበደር አቆሙ። በ2022 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የአነስተኛ ብድር ሰብሳቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንዳይደውል፣ የተበዳሪውን ዘመድና ወዳጅ እንዳያስጨንቅ፣ የቤተሰቡ የብድር ክፍያ በድምሩ ከወር ገቢው ግማሽ እንዳያልፍ ደነገገ። ለኔ ትልቁ ይህ የመጨረሻው ነው፤ አበዳሪው ገና ሲሰጥ እንዲያስብ ያስገድደዋል።

> ኪያ፦ ግን ቡድን ባይኖር ማን ይከፍላል?
>
> መዝገብ ያዥ፦ ይከፍላሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ አንድ ባንክ የቡድን ዋስትናውን አንስቶ ስብሰባውን ብቻ ቀጥሎበት ነበር፤ ያለመክፈል አልጨመረም። ግራሚን ራሱም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጋራ ተጠያቂነቱን ትቷል። እኛ ግን ቀጠልንበት፤ ይመቻል።

ዲያቆን ነኝ፦ ወለድ በራሱ ኃጢአት አይደለም ወይ?

ይህን ለሚገባው ሰው ይጠይቁ። እኔ ሒሳብ ነው የማውቀው።

ሳምሪ፦ ስለዚህ 24 በመቶ ጥሩ ነው ማለት ነው?

ከላይ ያለውን አላነበብሽም። ፍላት ነው ወይስ በቀሪ ዕዳ? ምን ተቆረጠ? እጅሽ የገባው ስንት ነው? ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጽፈው።

ሐቀኛ፦ መንግሥት ጣሪያ ቢያስቀምጥ አያልቅም?

አያልቅም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የባንክ ወለድ ላይ ጣሪያ ጣለች፤ ባንኮቹ ከትንንሽ ተበዳሪዎች ሸሹና በ2019 ተነሣ። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እስከ ደሞዝ ቀን የሚሰጡ አጫጭር ብድሮች ላይ ሌላ ዓይነት ጣሪያ አላት፤ በቀን ከ0.8 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተደምሮ ከተበደርከው እንዳያልፍ። 1,000 የተበደረ በምንም መንገድ ከ2,000 በላይ አይመልስም። ይህ ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ዕዳ ማደጉን የሚያቆምበት ቀን አለው።

> ነጋዴው፦ እሱም ቢሆን ብዙ አበዳሪ አዘግቷል።
>
> ሐቀኛ፦ ይዘጋ!
>
> ነጋዴው፦ ከዚያ ወዲህ የተከለከለው ሰው የት ሄደ? ማንም አይጠይቅም።
>
> መዝገብ ያዥ፦ እዚህ ላይ ነጋዴው የያዘው ጥያቄ አለ። እኔም መልስ የለኝም።

አቤል፦ በስልክ አፕ የሚያበድሩትስ?

አልሠራሁበትም። የስልክ ማውጫህን እንዲያዩ ግን አትፍቀድ። ያ ማውጫ የዘመኑ በር ላይ መቀመጫ ነው።

ብርቱካን፦ ጋሼ የሰጡኝን ወረቀት አወጣሁት። በየወሩ 1,240 ይላል፣ 12 ጊዜ። ሌላ ምንም የለውም።

«ቀሪ ዕዳ» የሚል አምድ የለውም?

ብርቱካን፦ የለም። ፊርማዬ ግን አለ።

ነገ ሄደሽ ሙሉውን የመክፈያ ሰሌዳ ጠይቂ፦ በየወሩ ከዋናው ስንት፣ ወለድ ስንት፣ ቀሪ ስንት። ከዚያ «ዛሬ ሁሉንም ብዘጋ ስንት ነው?» በይ። የቀሩትን ወራት ወለድም ጨምረው ከነገሩሽ ቀድሞ መዝጋት ምንም አይጠቅምሽም፤ ገንዘብሽን ያዢ። ከቀነሱልሽ ስንት እንደቀነሱ እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናያለን። ቁጠባሽ የሚመለስበትንም ቀን በጽሑፍ ተቀበይ።